ማንም ባላየው ነገር ማንን ልመን?

ጥያቄ፦

ውድ አማካሪያችን፣ እንደምን ሰነበቱ? 60 ያህል ሠራተኞች ባሉት ድርጅት ውስጥ የሰው ኃይል ባለሙያ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ከተቀጠረች 7 ወር የሆናት ልጅ ቢሮዬ ገብታ በሩን ዘጋችና አንድ ገጽ አቤቱታ ሰጠችኝ። የክፍሏ ኃላፊ ማታ ማታ መልእክት ይልክላታል። አንድ ቀን መዝገብ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ሳሉ ወገቧን ይዟታል፣ በሩ ላይም ቆሞ እንዳትወጣ ከልክሏታል። መልስ መስጠት ስታቆም ደግሞ ከሥልጠና ስም ዝርዝር አውጥቶኛል ትላለች። እያለቀሰች «ለማንም እንዳትነግሪብኝ» አለችኝ። እኔም ደንግጬ «ከእኔ አያልፍም» አልኳት። በማግስቱ ግን ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት፤ ምን ላድርግ? እሱ ደግሞ «አንቺው አጣሪና በ3 ቀን በጸጥታ ጨርሺው፤ ካልሆነም ሁለቱን አስቀምጠሽ አስታርቂያቸው» አለኝ።

ኃላፊው 11 ዓመት የሠራ፣ ሁሉም የሚወደው ሰው ነው። እኔም ምሳ አብሬው እበላለሁ። እስካሁን አልጠየቅኩትም፤ እንደሚክድ ግን አልጠራጠርም። ያየ ሰው የለም። ማንን ልመን? እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ግራ የገባኝ

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፤ ሁለቴም እዚያው ቦታ ላይ ቆምኩ። «ሁሉም የሚወደው ሰው ነው» ብለሻል። ትንሽ ዝቅ ብለሽ «እንደሚክድ አልጠራጠርም» ብለሻል። አንደኛው ወደ እሱ ያዘነብላል፣ ሌላው ወደ እሷ። ሁለቱንም የጻፍሽው ገና አንድም ሰው ሳትጠይቂ ነው። አልወቅስሽም፣ ሁላችንም እንዲህ ነው የምንጀምረው። ግን «ማንን ልመን» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ወደ ጎን አድርጊው። የተሰጠሽ ሥራ ከሁለቱ ማን ጥሩ ሰው እንደሆነ መለየት አይደለም። ሦስት ነገሮች ተደርገዋል ወይስ አልተደረጉም የሚለውን ማጣራት ነው። የሚወደድ ሰው ያጠፋል፤ የማይወደድም ሰው ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል።

መጀመሪያ የምሳውን ነገር እናንሳ። እስቲ እንዲህ ብለሽ ራስሽን ጠይቂ፦ ውጤቱ ለእሱ የሚመች ሆኖ ልጅቷ «ድሮስ የምሳ ጓደኛው አይደለች» ብትል ምን ትመልሻለሽ? ውጤቱ በእሱ ላይ ሆኖ እሱ «አዳላች እንዳይሏት ብላ በእኔ ላይ ጠነከረች» ቢልስ? ግንኙነታችሁ አልፎ አልፎ አንድ ጠረጴዛ ላይ ከመቀመጥ ካላለፈ፣ ይህንኑ ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ አሳውቂ፣ ልጅቷም ትወቅ፣ ምሳውንም ከዛሬ ጀምሮ አቋርጪ። ቤተሰብ እስከ መጠያየቅ ከደረሳችሁ ግን፣ ወይም እሱ በአንቺ የሥራ አፈጻጸም ውጤት ላይ እጁ ካለበት፣ ሥራውን ለሌላ ሰው ስጪ። ከውጭ አጣሪ ማምጣትም ይቻላል። ይህን መናገር ከሥራ መሸሽ አይደለም። በኋላ ላይ በሌላ ሰው ሲነሳ ነው የሚያሳፍረው። አንቺው የምትቀጥዪ ከሆነም ብቻሽን አትግቢ፤ አንድ ማስታወሻ የሚይዝ፣ ከክፍሉ ውጭ የሆነ ሰው አብሮሽ ይቀመጥ።

ሥራ አስኪያጁን በተመለከተ፣ «አስታርቂያቸው» ያለው በክፋት አይመስለኝም፤ ነገሩ ቶሎ ከፊቱ ዞር እንዲልለት ፈልጎ ነው። ግን አለቃዋን ፊቷ አስቀምጠሽ «ተነጋገሩ» ብትያት፣ ልጅቷ ፊቷን ወደ መሬት አድርጋ «ይቅር» ትላለች፤ አንቺም በዚያ ቀን ምን እንደተደረገ ሳታውቂ ትቀሪያለሽ። እንዲህ ብትዪውስ? «ጌታዬ፣ ዛሬ ቸኩለን የምንዘጋው ፋይል ነገ ፍርድ ቤት ሲከፈት ላዩ ላይ ያለው የእርስዎ ፊርማ ነው።» ከዚያ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ጠይቂ። ሦስት አቤቱታ፣ አምስት ስድስት ሰው ማነጋገር፣ ሰነድ ማሰባሰብና ሪፖርት መጻፍ ከዚያ ባነሰ ጊዜ በወጉ አይሠራም። አንድ ነገር ጨምሪበት፦ መጨረሻ ላይ የሚወስነው እሱ ከሆነ፣ በማጣራቱ መሃል ምስክር እየጠራ «እንዴት ነው ነገሩ» እያለ መጠየቁን ይተው።

እስከዚያው ድረስ ኃላፊው የእሷን ፈቃድና የሥራ ምዘና መፈረም የለበትም። ሌላ ኃላፊ ይፈርምላት። እሷን ወደ ሌላ ክፍል አዛውረሽ «ለደህንነትሽ ነው» እንዳትያት፤ ካልጠየቀች በስተቀር ያ ቅጣት ነው የሚመስለው፣ ሌላው ሠራተኛም የሚያነበው እንደዚያው ነው።

አሁን ወደ ማስረጃው። «ያየ ሰው የለም» ማለት «ማስረጃ የለም» ማለት አይደለም። አንድ ክስተት ዙሪያውን ዱካ ትቶ ነው የሚያልፈው፤ ዱካው ግን ቶሎ ይጠፋል። የካሜራ ቅጂ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ በላዩ ላይ ሌላ ይቀዳበታል። በአንዳንድ የመልእክት መተግበሪያ ደግሞ ላኪው የጻፈውን ከተቀባዩም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። አንድ ሳምንት አልፏል፣ ስለዚህ ይህን ከሁሉ አስቀድመሽ አድርጊው፣ ኃላፊው ከመስማቱም በፊት። ለአይቲ ክፍሉ በጽሑፍ ጠይቂ፦ በዚህ ቀን፣ ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት፣ የኮሪደሩ ካሜራና የመዝገብ ቤቱ የበር ካርድ መዝገብ ተለይቶ ይቀመጥ። ምክንያቱን መንገር አይጠበቅብሽም። የሁለቱንም ሰዎች ሕይወት መበርበርም የለብሽም፤ ከአቤቱታው ጋር የተያያዘው ብቻ ይበቃል።

የመልእክቶቹን ነገር ጠንቀቅ በይ። ልጅቷ መርጣ ያነሳቻቸው አራት አምስት ስክሪን ሾቶች አይበቁም፤ ለእሷም ሲባል አይበቁም። ስልኳ ላይ ያለውን ሙሉ ንግግር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ቀንና ሰዓቱ እየታየ፣ ከማስታወሻ ያዡ ጋር ሆናችሁ እዩት። ቅጂ ውሰዱ፣ መቼና ከማን ስልክ እንደተወሰደ ጻፉበት። ኦርጅናሉን እንዳታጠፋ ንገሪያት።

ወደ ከባዱ እንምጣ። «ከእኔ አያልፍም» ብለሻታል፣ አልፏልም። ይህን ከሌላ ሰው አፍ ከሰማች የምትሰጥሽ ቃል ግማሽ ይሆናል። ስለዚህ ቅድሚያውን አንቺ ውሰጂ። ጥሪያትና እንዲህ በያት፦ «ያን ዕለት ልጠብቀው የማልችለውን ቃል ገባሁልሽ። ለሥራ አስኪያጁ ነግሬዋለሁ፣ ይቅርታ። ከዚህ በኋላ ማን ምን እንደሚያውቅ አስቀድሜ እነግርሻለሁ።» ከዚያ ዝርዝሩን ንገሪያት። ኃላፊው ለመመለስ ያህል ምን እንደተባለበት ያውቃል። ምስክሮች የሚጠየቁትን ጥያቄ ብቻ ያውቃሉ። ሪፖርቱን የሚያነበው ወሳኙ ሰው ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ሥራ ቦታ ጥቃትና ትንኮሳ ያወጣው ስምምነት ቁጥር 190 እንኳን ምስጢር «በተቻለ መጠን» እንዲጠበቅ ነው የሚለው። አክሎም ምስጢር የሚባለው ነገር ያለአግባብ መጠቀሚያ እንዳይሆን ያስጠነቅቃል። ይህ ሁለተኛው ለእኛ ሥራ ትልቅ ነገር ነው። ለልጅቷ «ማጣራቱን በቢሮ ውስጥ አታውሪ» ማለት ትችያለሽ። «ለእናትሽም፣ ለሐኪምሽም፣ ለጠበቃሽም፣ ለፖሊስም እንዳትናገሪ» ማለት ግን አትችዪም። የአንቺ ማጣራት የፖሊስን በር አይዘጋባትም፤ ይህን ግልጽ አድርጊላት።

እኔ ይህን ሥራ ስጀምር የሠራሁትን ስህተት ልንገርሽ፤ ከስንት ዓመት በኋላም ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይግላል። አንዲት ልጅ ፊቴ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ላግዛት ብዬ «ትከሻሽን ነካሽ፣ አይደል?» አልኳት። «አዎ» አለች። ጻፍኩት፣ ፈረመች። ጉዳዩ ይግባኝ ላይ ሲደርስ ሌላ ሰው በእርጋታ «ምን ሆነ?» ብሎ ጠየቃት። «ክንዴን ይዞ ጎተተኝ» አለች። የሰውየው ተወካይ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይኸው፣ ቃሏ ይጋጫል» አለ። የተጋጨው የእሷ ቃል አልነበረም። የእኔ ጥያቄና የእሷ ቃል ነበሩ።

ስለዚህ መሪ ጥያቄ አትጠይቂ። «ያን ቀን መዝገብ ቤት ከመግባትሽ በፊት ከነበረው ጀምረሽ ንገሪኝ» በያትና ዝም በይ። ዝምታው ይከብድሻል፣ ቻዪው። ጨርሳ ስታበቃ ወደ ኋላ ተመለሺ፦ የት ቆመሽ ነበር? እጁ የት ነበር? ምን አለ? ከወጣሽ በኋላ ወዴት ሄድሽ? ለማን ነገርሽ? ቀኑ ከጠፋባት የካቲት ነው መጋቢት እያልሽ አታስጨንቂያት። «ደመወዝ ከመግባቱ በፊት ነው በኋላ?» «የሥልጠናው ዝርዝር ወጥቶ ነበር?» ብለሽ በምታስታውሰው ነገር አስጠጊላት። «ለምን እስካሁን ዝም አልሽ?» የሚለው ወቀሳ ነው የሚመስለው። «ለመናገር የወሰንሽው መቼ ነው፣ ምን ሆኖ?» ብትያት ግን ያንኑ መልስ ታገኛለሽ። ሰው ዘግይቶ መናገሩ ብቻውን የውሸት ምልክት አይደለም፤ አለቃ ላይ ሲሆን ደግሞ ብዙ ሰው ይዘገያል። ስትጨርሱ የጻፍሽውን አንብቢላት፣ የምታርመውን ታርም፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ትፈርም። ማስታወሻው የእሷ አነጋገር ይሁን። «ያዘኝ» ካለች «አካላዊ ንክኪ ፈጸመብኝ» ብለሽ አታሳምሪው።

ለኃላፊውም ተራው ሲደርስ ያው ጨዋነት ይገባዋል። አንዳንድ አጣሪ ሰውየውን «ለአጭር ነገር ፈልጌህ ነበር» ብሎ ጠርቶ ድንገት አቤቱታውን ይዘረግፍበታል። ያ ወጥመድ እንጂ ማጣራት አይደለም። ቢያንስ ከ2 ቀን በፊት ደብዳቤ ይድረሰው፦ ሦስቱ ነገሮች ከነቀናቸውና ቦታቸው፣ ገና ምንም እንዳልተወሰነ፣ የራሱን ምስክርና ሰነድ ማቅረብ እንደሚችል፣ ከፈለገ አንድ አጋር ይዞ መምጣት እንደሚችል። በዚያው ደብዳቤ ላይ እሷን ወይም ምስክሮችን በዚህ ጉዳይ እንዳያነጋግር፣ ማናቸውንም መልእክት እንዳያጠፋ፣ በአቤቱታው ምክንያት የሚደረግ የበቀል እርምጃ ራሱን የቻለ ጥፋት መሆኑ ይጻፍ። እሱንም ክፍት በሆነ ጥያቄ ነው የምትጀምሪው። ሰነድ ያለሽ ከሆነ መጀመሪያ የራሱን ታሪክ ይናገር፣ ሰነዱን ከዚያ አሳዪውና እንዲያብራራ ዕድል ስጪው። ሳታሳዪው ሪፖርት ውስጥ የምታስገቢው ማስረጃ መኖር የለበትም።

ምስክሮችን አታብዢ። ሰው በበዛ ቁጥር ወሬው ይሰፋል እንጂ እውነቱ አይጠራም። ያየ ባይኖርም በዚያኑ ሰሞን የሰማ፣ የልጅቷን ሁኔታ ያስተዋለ፣ የሥልጠናውን ዝርዝር ያዘጋጀ ሰው አለ። «ስለ እሱ ጠባይ ምን ትላለህ?» የሚለውን ጥያቄ ተይው፤ አሥር ሰው «ጨዋ ነው» ቢልሽ መዝገብ ቤት ውስጥ ስለሆነው ምንም አይነግርሽም።

አሁን ይህ ሁሉ ተሰበሰበ እንበል። ሚዛኑ እንዴት እንደሚሠራ በአንቺው ጉዳይ ላሳይሽ። ከዚህ በታች ያለው የእኔ ግምት ነው፤ የአንቺ ማስረጃ ሌላ ሊሆን ይችላል።

መልእክቶቹን ስታዪ ከማታ 3 ሰዓት በኋላ የተላኩ 31 ናቸው። 6ቱ የሥራ ናቸው። ሌሎቹ «ተኛሽ?» «ዛሬ አምሮብሽ ነበር» ዓይነት ናቸው። እሱ «እሷም እኮ ፈገግታ ትልክልኝ ነበር» ይላል። እውነቱን ነው፣ መጀመሪያ ላይ ልካለች። እዚህ ላይ ነው ሙሉው ንግግር የሚጠቅምሽ። ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ መልሷ አንድ ቃል ይሆናል፤ ከዚያ «ማታ ማታ ባይጽፉልኝ ደስ ይለኛል» ትላለች። ከዚያ በኋላ 9 መልእክት አለ። ከአለቃ ለሚመጣ መልእክት ፈገግታ መመለስ ፈቃድ ነው ወይስ መውጫ ማጣት ብለሽ መከራከር አያስፈልግሽም። እነዚያ 9 መልእክቶች በቂ ናቸው።

መዝገብ ቤቱ ከባድ ነው። የበሩ ካርድ እሷ 9፡47፣ እሱ 9፡52 መግባታቸውን ያሳያል። መውጫቸውን አይመዘግብም። ካርዱ አብረው እንደነበሩ ይነግርሻል፤ ምን እንደተደረገ ግን አይነግርሽም፤ ከዚያ በላይ አታሸክሚው። እሱ ካርዱን ከማየቱ በፊት «ከእሷ ጋር እዚያ ክፍል ብቻችንን ሆነን አናውቅም» ብሎሻል። ካየ በኋላ «አንድ ፋይል ልወስድ ገብቼ ነበር፣ ረስቼው ነው» ይላል። ሰው ይረሳል፤ ይህም ይቻላል። ግን ያው መዝገብ በሦስት ወር ውስጥ እዚያ ክፍል የገባው ሁለቴ ብቻ መሆኑን ያሳያል፤ የትኛውን ፋይል ስትዪውም አላስታወሰም። በሌላ በኩል ልጅቷ በዚያው ቀን 10፡20 ላይ ለአንዲት ባልደረባዋ «አሁን ከመዝገብ ቤት ሮጬ ወጣሁ፣ ወገቤን ይዞኝ በሩን ዘጋብኝ፣ ማታ እነግርሻለሁ» ብላ ጽፋለች። ባልደረባዋ አላየችም፤ ሰሚ ናት። የእሷ ዋጋ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ለምን መሰለሽ? እሱ «ከሥልጠና ስላወጣኋት ነው የከሰሰችኝ» ይላል። ዝርዝሩ ግን የወጣው ከዚያ መልእክት 12 ቀን በኋላ ነው። ገና ባልደረሰ ነገር ቂም አይያዝም።

«ሲናገር ላቡ ተንቆረቆረ»፣ «ዓይኔን እያየች ነው የመለሰችልኝ» የሚሉትን ከሚዛኑ አውጪያቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለት ተመራማሪዎች የብዙ ጥናቶችን ውጤት አሰባስበው ሲያዩ፣ ሰዎች የሚዋሽንና እውነት የሚናገርን ሰው በመመልከትና በማዳመጥ የሚለዩት 54 በመቶ ያህሉን ጊዜ ብቻ ነበር። ሳንቲም ወርውረሽ ከምትገምቺው ብዙም አይርቅም። ዓይን ከማየት ይልቅ ታሪኩ ከሰዓቱና ከሰነዱ ጋር ይገጥማል ወይ፣ በራሱ የሚታመን ነው ወይ፣ ለመዋሸት ምክንያት አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ። መለኪያው የወንጀል ችሎት መለኪያ አይደለም፤ «ያለ ጥርጥር» አትፈልጊም። በውስጥ ማጣራት በአብዛኛው የሚሠራበት «ከሁለቱ ይበልጥ የሚያሳምነው የትኛው ነው?» የሚለው ነው። የድርጅታችሁ መመሪያ ሌላ የሚል እንደሆነ አስቀድመሽ አንብቢው፣ ሪፖርቱም ላይ በየትኛው መለኪያ እንደሠራሽ ጻፊ።

ሦስተኛውስ? ከሥልጠናው የወጣችው እሷ ብቻ ሳትሆን 4 ሰዎች ናቸው። ሁሉም አገልግሎታቸው ከአንድ ዓመት በታች ነው። መስፈርቱን ያወጣው ሌላ ክፍል ነው፣ የተጻፈውም ከመዝገብ ቤቱ ቀን በፊት ነው። እንዲህ ከሆነ ይህኛው አቤቱታ አልተረጋገጠም። ልጅቷን በሁለቱ አምነሻት በሦስተኛው ባታምኛት አትደንግጪ። አልዋሸችም፤ ከደረሰባት ነገር ተነስታ ያልተያያዘውን አያያዘችው። «አልተረጋገጠም» እና «ሆን ብላ ዋሸች» ሰማይና ምድር ናቸው። ሁለተኛውን ለመጻፍ የራሱ የሆነ ማስረጃ ያስፈልግሻል።

ሪፖርቱ ላይ ሦስቱን አትደባልቂ። እያንዳንዱ አቤቱታ የራሱ ክፍል ይኑረው፦ ምን ተባለ፣ እሱ ምን መለሰ፣ ምን ማስረጃ ተገኘ፣ የሚቃረነውስ፣ ምን ላይ ደረስሽ፣ ለምን። ለምሳሌ ሁለተኛው እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«አቤቱታ 2 ተረጋግጧል። ሁለቱም በዕለቱ በ5 ደቂቃ ልዩነት መዝገብ ቤት መግባታቸው በካርድ መዝገቡ ታይቷል (አባሪ 3)። አቤቱታ አቅራቢዋ በዚያው ቀን 10፡20 ለምስክር 1 የላከችው መልእክት ከቃሏ ጋር ይስማማል (አባሪ 4)። አቤቱታ የቀረበባቸው ኃላፊ አስቀድመው አብረው እንዳልነበሩ ገልጸው፣ መዝገቡን ካዩ በኋላ መግባታቸውን አምነዋል፤ የገቡበትን ፋይል ግን መግለጽ አልቻሉም። አቤቱታው በሥልጠናው ምክንያት የመጣ ነው የሚለው መልሳቸው፣ መልእክቱ ከዝርዝሩ 12 ቀን ስለሚቀድም ተቀባይነት አላገኘም። የዓይን ምስክር የለም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አየሻት? ድክመቱን ራስሽ ጻፊው። ካልጻፍሽው ሌላ ሰው ይጽፍልሻል። «አሳፋሪ»፣ «ነውረኛ» የሚሉ ቃላት አይግቡ። ምስክሮችን በስም ሳይሆን በቁጥር ጥሪያቸው፤ የቁጥሩ መፍቻ ለብቻው ይታሸግ። ምን ቅጣት ይገባዋል የሚለውንም አትጻፊ፤ የአንቺ ሥራ የሆነውን መናገር ነው፣ እርምጃው የወሳኙ ነው። ረቂቁን ስትጨርሺ አንድ ሌሊት አሳድሪውና በማግስቱ ኃላፊውን ሆነሽ አንብቢው፤ ከዚያ ደግሞ እሷን ሆነሽ።

ውጤቱ ሲወጣ ሁለቱም በጽሑፍ ይነገራቸው፣ በተናጠል። ለእሷ የተወሰደውን ቅጣት ዝርዝር መንገር ላይቻል ይችላል፤ አቤቱታዋ የትኛው እንደተረጋገጠና የትኛው እንዳልተረጋገጠ ግን ማወቅ አለባት፣ ከነምክንያቱ። ከዚያ በኋላ አትርሻት። ከአንድ ወር በኋላ፣ ከሦስት ወርም በኋላ ጥሪያት። ምዘናዋን፣ ፈቃዷን፣ የሥራ ድልድሏን ከበፊቱ ጋር አስተያዪ። በቀል ብዙ ጊዜ ጮክ ብሎ አይመጣም፤ ከስብሰባ ጥሪ ላይ ስሟ መቅረት ይጀምራል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እሷ ያን ዕለት በሩን ዘግታ ከገባች ወዲህ ለአንቺስ የምታወሪለት ሰው አለ? ስም ሳትጠሪ፣ ጉዳዩን ሳታነሺ፣ «ከባድ ሥራ ላይ ነኝ» የምትዪው ሰው ማለቴ ነው። ከሌለ ፈልጊ፤ ለ3 ሳምንት እንቅልፍ ሳይኖርሽ የሰው ቃል ማዳመጥ አትችዪም።

ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገቢ መጀመሪያ የአይቲውን ደብዳቤ ላኪ። ቀጥሎ ስለ ምሳው ለሥራ አስኪያጁ የምትጽፊውን ሁለት መስመር። ከዚያ ልጅቷን ጥሪያትና ስለ ገባሽላት ቃል ንገሪያት። ልትቆጣሽ ትችላለች። ትቆጣ፤ ወንበሩን ሳብ አድርጊላትና ጨርሳ እስክትናገር ጠብቂያት።